የተመለሰው ጭማቂ

እኛ በኮላ ድባ ሱቅ አለን። ከጎንደር 20 ካርቶን ጭማቂ መጣልን። ሳንረከብ ካርቶኖቹን ከፍተን አየን። በ3ቱ ውስጥ እሽጋቸው ተቀዶ የሚያንጠባጥቡ፣ የተነፉም አሉ። ጀርም የገባበት ጭማቂ ይቦካል፤ ጋዙም መያዣውን ይነፋዋል። የማብቂያው ቀን የታተመው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ወደ እኛ አቆጣጠር ቀይረን ቆጠርነው። ከዚያም ለጅምላ ነጋዴው እንዲህ ስንል ጻፍን፦

«ይድረስ ለደንበኛችን። እንደምን ሰነበቱ? ከላኩልን 20 ካርቶን የ3ቱ እሽግ ተበላሽቷል። የ12ቱ ጊዜ በ14 ቀን ያበቃል፤ እኛ ግን በሳምንት የምንሸጠው 2 ካርቶን ብቻ ነው። ስለዚህ 15ቱን መልሰናል። የ5ቱን ሂሳብ እንከፍላለን።»

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ጻፍነው። ሾፌሩ 15 ካርቶን መረከቡን በእኛ ቅጂ ላይ ፈረመ። ያለ ፊርማ ብንመልሰው ኖሮ፣ «አልደረሰኝም» ቢባል ማስረጃ አይኖረንም ነበር።