ያልፈቀዱትን ተቀናሽ ለባንክ ማስረዳት፦ ሰዓት በሰዓት የተጻፈ ኢሜይል

ከሞባይል ባንኪንግ ያለ ፈቃድ ገንዘብ የወጣበት ሰው ለባንኩ ሲጽፍ ደብዳቤው ንዴቱን ይዞ ይሄዳል። ኢሜይሉን የሚቀበለው መርማሪ ግን የሚያመሳክረው ከባንኩ የሲስተም መዝገብ ጋር ነው። መዝገቡ ደግሞ ቀን፣ ሰዓት፣ የብር መጠንና የግብይት መለያ ቁጥር እንጂ ንዴት አያውቅም። ስለዚህ የኢሜይሉ ጥንካሬ የሚለካው ከመዝገቡ ጎን አስቀምጦ መስመር በመስመር ለማመሳከር በማስቻሉ ነው። አንድ የልምምድ ምሳሌ ይዘን እንየው።

የመጀመሪያው ረቂቅ

«ሰላም፣ ትናንት ማታ ከሂሳቤ ብዙ ብር ወጥቶብኛል። እኔ ምንም አላደረግኩም። የባንኩ ሠራተኞች እጃቸው እንዳለበት እርግጠኛ ነኝ። ስልኬም እምቢ ብሎ ነበር። ባስቸኳይ ገንዘቤን መልሱልኝ።»

እዚህ ውስጥ ትልቁን ክብደት የያዘው ዓረፍተ ነገር አራተኛው ነው፤ ጸሐፊው ግን እንደ ተራ ነገር ጣል አድርጎት አልፏል። ስልኩ «እምቢ ያለው» ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ከሆነ፣ ሌላ ሰው በእሱ ቁጥር ምትክ ሲም አስወጥቶ ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ ባንኩ የሚልከው የማረጋገጫ ኮድም ሆነ የተቀናሽ መልእክት የሚደርሰው አዲሱን ሲም ለያዘው ሰው ነው። ባንኩ «ኮዱ ወደ ቁጥርዎ ተልኳል» ብሎ ቢመልስ፣ መከራከሪያው «በዚያ ሰዓት ቁጥሩ በእጄ አልነበረም» የሚለው ነው። ይህ የሚታየው ግን ክስተቶቹ በቅደም ተከተል ሲቀመጡ ብቻ ነው።

ቀኑንና ሰዓቱን ከባንኩ መዝገብ ጋር ማስማማት

ብዙ ቅሬታ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ነው፤ የባንኩ ሲስተም ግን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል፣ ቀኑንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይጽፋል። «ማክሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ» ብለው ቢጽፉ፣ መርማሪው በማክሰኞው መዝገብ ውስጥ 7 ሰዓትን ሊፈልግ ይችላል። ያ ሰዓት ግን በሲስተሙ 01:00 ነው፣ ቀኑም ረቡዕ ሆኗል፤ እኛም «ለረቡዕ አጥቢያ» የምንለው እሱን ነው። መፍትሔው በእያንዳንዱ መስመር ላይ ሁለቱንም ቀንና ሁለቱንም ሰዓት መጻፍ ነው።

የግብይት መለያ ቁጥሩም ለማረጋገጥ ይረዳል። ቁጥሩ FT ብሎ በሚጀምርባቸው እንደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ባሉ ባንኮች፣ ከፊደላቱ ቀጥሎ ያሉት ሁለት አሃዞች ዓመቱን፣ ከእነሱ ቀጥሎ ያሉት ሦስት አሃዞች ደግሞ ከዓመቱ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ያመለክታሉ። FT25309 ብሎ የሚጀምር ቁጥር የ2025 309ኛ ቀን፣ ማለትም ኖቬምበር 5 ነው። የጻፉት ቀን ከዚህ ጋር ካልተስማማ ከመላክዎ በፊት ያጣሩ።

ያዩትን፣ የተነገርዎትንና የጠረጠሩትን መለየት

እያንዳንዱ መስመር መረጃው ከየት እንደመጣ መናገር አለበት። ስልኩ ኔትወርክ ማጣቱን ያዩት እርስዎ ነዎት። ገንዘቡ የወጣበትን ሰዓት ያወቁት ከስቴትመንት ነው። ሲም መቀየሩን የነገረዎት የቴሌኮም ሠራተኛ ነው። በትክክል የማያስታውሱትን ሰዓት «ገደማ» ብለው ይጻፉ፤ አንድ ሰዓት በግምት ተጽፎ ስህተት ሆኖ ከተገኘ ሌሎቹም ይጠረጠራሉ። በሠራተኞች ላይ ያለ ማስረጃ የሚሰነዘር ክስ ደግሞ ጉዳዩን ከምርመራ ወደ ክርክር ይወስደዋል።

ቀድሞ ደውሎ ኮድ የጠየቀዎት ሰው ከነበረና ከነገሩት፣ እሱንም ሰዓቱን ጠቅሰው ይጻፉ። ከባድ ቢሆንም ሊደበቅ አይገባም። ጉዳዩ በኋላ ከጥሪ መዝገብ ቢገኝ ቀሪው እውነትም ተአማኒነቱን ያጣል።

የተስተካከለው ኢሜይል

ርዕስ፦ ያልፈቀድኩት የሞባይል ባንኪንግ ዝውውር፣ 30,500 ብር፣ ኖቬምበር 5 ቀን 2025

ለደንበኞች ቅሬታ ክፍል፣

የመጨረሻ አራት አሃዞቹ 4417 ከሆኑት የቁጠባ ሂሳቤ በሁለት ዝውውር በድምሩ 30,500 ብር ያለ ፈቃዴ ወጥቷል። የሆነው በቅደም ተከተል ይህ ነው፦

- ማክሰኞ ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም. (ኖቬምበር 4)፣ ከምሽቱ 3፡30 ገደማ (21:30)፦ ስልኬ ኔትወርክ አጣ። አጥፍቼ ባበራውም አልተመለሰም።
- ረቡዕ ጥቅምት 26 (ኖቬምበር 5)፣ ከሌሊቱ 7፡12 (01:12)፦ 18,000 ብር ወጣ። መለያ ቁጥር FT25309XXXXX፤ ከስቴትመንት የተወሰደ።
- በዚያው ሌሊት 7፡15 (01:15)፦ 12,500 ብር ወጣ። መለያ ቁጥር FT25309XXXXX፤ ከስቴትመንት የተወሰደ።
- ከጠዋቱ 2፡40 (08:40)፦ የቴሌኮም አገልግሎት ማዕከል ሄድኩ። ማክሰኞ ማታ በቁጥሬ ምትክ ሲም እንደወጣ ተነገረኝ። እኔ አላስወጣሁም።
- 3፡10 (09:10)፦ አዲስ ሲም ተሰጠኝ።
- 3፡28 (09:28)፦ ቀሪ ሂሳቤን አይቼ መጉደሉን ስላወቅኩ ወደ ጥሪ ማዕከላችሁ ደውዬ ሞባይል ባንኪንጉን አሳገድኩ።
- 4፡15 (10:15)፦ ቅርንጫፍ ሄጄ ቅሬታ አስመዘገብኩ፣ ስቴትመንት ወሰድኩ።

የምጠይቀው፦ አንደኛ፣ ገንዘቡ በገባበት ሂሳብ ላይ ቀሪ ካለ እንዲታገድ፤ ሁለተኛ፣ ዝውውሮቹ በየትኛው መሣሪያ፣ በመተግበሪያ ወይስ በአጭር ኮድ እንደተፈጸሙና መሣሪያው መቼ እንደተመዘገበ እንዲጣራ፤ ሦስተኛ፣ 30,500 ብር ወደ ሂሳቤ እንዲመለስና ውሳኔው በጽሑፍ እንዲደርሰኝ።

ስቴትመንቱንና የቅሬታ መመዝገቢያ ቅጹን አያይዣለሁ።

ጥያቄዎቹ ለምን እንዲህ ተጻፉ?

እገዳው የቀደመው ገንዘቡ በተቀባዩ ሂሳብ ውስጥ ብዙ ስለማይቆይ ነው። በኤቲኤም ይወጣል ወይም ወደ ሌላ ሂሳብ ይሻገራል። ሁለተኛው ጥያቄ መልስ ሲያገኝ ከመጀመሪያው መስመር ጋር ይገናኛል። መሣሪያው የተመዘገበው ኔትወርክ ከጠፋበት ሰዓት በኋላ ከሆነ፣ ሁለቱ መረጃዎች ይደጋገፋሉ። የተቀባዩን ማንነት ግን አልጠየቅንም። ባንክ የሌላ ደንበኛን መረጃ በምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ስላለበት፣ ያ ጥያቄ የሚቀርበው በፖሊስና በፍርድ ቤት በኩል ነው።

ከመላክዎ በፊትና በኋላ

ኢሜይል ሂሳብ አያግድም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ይደውሉ፣ ቀጥሎ ይጻፉ። የሚስጥር ቁጥርዎንና የማረጋገጫ ኮድ በኢሜይሉም ሆነ በአባሪው ውስጥ በፍጹም አያስገቡ። ስክሪንሾት ካያያዙ ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ ሳይቆርጡ ይላኩት። የቴሌኮም ማዕከሉ ሲሙ መቼ እንደተቀየረ በጽሑፍ ከሰጠዎት፣ ከሁሉም አባሪ በላይ የሚያስፈልግዎ እሱ ነው።

ከላኩ በኋላ አዲስ መረጃ ቢያገኙ፣ ለምሳሌ ሲሙ የተቀየረበትን ትክክለኛ ደቂቃ ቢያውቁ፣ የመጀመሪያውን ጽሑፍ አይለውጡ። በዚያው ኢሜይል ላይ መልስ ብለው አዲሱን መስመር ይጨምሩ፣ መቼና ከማን እንዳወቁትም ይግለጹ። ባንኩ ካልመለሰ ወይም የሰጠው መልስ ካላረካዎ አቤቱታው ወደ ኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ይሄዳል። እዚያም የሚጠየቁት በቅድሚያ ለባንክዎ ማመልከትዎን ነው። ሰዓቱ ተጽፎ የተላከው ኢሜይልና የተሰጠዎት መልስ አንድ ላይ ሲቀርቡ ይህን ያረጋግጣሉ።