መልሱ ኢንቦክሳችሁ ውስጥ ነው

በቴሌግራም ቻናል የሀገር ልብስ የምትሸጡ እህቶችና ወንድሞች፣ ቀጣዩ ማስታወቂያችሁ ከዛሬው በብዙ እጥፍ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ለዚያ የሚያስፈልጋችሁ አንድ ምሽት፣ አንድ የልብስ ሰፊ ሜትርና አንድ ሚዛን ነው። ጋቢን እንውሰድ፤ ብዙዎቻችሁ የምትሸጡት እሱን ስለሆነ፣ ደንበኛም ስለ እሱ ብዙ ስለሚጠይቅ።

አሁን በየቻናሉ የሚለጠፈው የጋቢ ማስታወቂያ ይህን ይመስላል፦

«ምርጥ ጥራት ያለው ዘመናዊ የሐበሻ ጋቢ! ለማንኛውም ፕሮግራም የሚሆን፣ እጅግ ምቹና ማራኪ። በተመጣጣኝ ዋጋ። ይፍጠኑ፣ ጥቂት ነው የቀረን! ዋጋ በኢንቦክስ።»

አሁን ፎቶውን በእጃችሁ ሸፍኑና ጽሑፉን ብቻ አንብቡት። «ጋቢ» የሚለውን አውጥታችሁ «ጫማ» ብታስገቡበት ምን ይጎድላል? ምንም። ሌላ ዕቃ ሥር ተለጥፎ የሚያስኬድ ዓረፍተ ነገር ሁሉ ስለ ጋቢያችሁ የተናገረው ነገር የለም ማለት ነው። ሳትሳሱ ሰርዙት። እዚህ ማስታወቂያ ላይ ይህን ስታደርጉ የሚተርፈው «ጋቢ» የሚለው ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ፎቶው ተናግሮታል።

ባዶውን ቦታ የሚሞላው ቃል ከራሳችሁ መፍለቅ የለበትም። ኢንቦክሳችሁን ክፈቱና የቅርብ ጊዜዎቹን ሃያ ያህል ንግግሮች ወደ ኋላ እየሄዳችሁ አንብቡ። የገዙትንም ጠይቀው የጠፉትንም እዩ። ከገዙት ይልቅ የጠፉት ብዙ ያስተምራሉ። የጠየቁትን አንድ በአንድ፣ እነሱ በጻፉበት አነጋገር፣ ደብተር ላይ ገልብጡ። ጋቢ የሚሸጥ ሰው የሚያገኘው ዝርዝር ከዚህ ብዙም አይርቅም፦

«ሰላም እህት፣ የሸማኔ ነው ወይስ የፋብሪካ?»
«ስስ እንዳይሆን፣ ስንት እጥፍ ነው?»
«ለአባቴ ነው፣ ረጅም ናቸው፣ ይበቃቸዋል?»
«በማሽን ይታጠባል?»
«ስንት ኪሎ ይሆናል? ወደ አሜሪካ ለሚሄድ ሰው ልሰጠው ነበር።»
«ሐዋሳ ትልካላችሁ?»
«ዋጋ?»

ማስታወቂያችሁ ይኸው ተጻፈ ማለት ይቻላል። የቀረው እያንዳንዱን ጥያቄ ምን ስጋት እንዳስነሳው ማየትና እውነተኛውን መልስ ማግኘት ነው።

የመጀመሪያውን ጥያቄ እንየው፣ ከሁሉም የከበደው እሱ ነውና። «የሸማኔ ነው ወይ?» የምትለዋ ሴት ከዚህ በፊት ተታልላ ይሆናል። በስልክ ስክሪን ላይ የፋብሪካና የሸማኔ ጋቢ ስለሚመሳሰሉ ስጋቷ ትክክል ነው። «ኦሪጅናል ነው እህቴ» ብትሏት አትረጋጋም፤ ያታለላትም ያንኑ ብሏታል። የሚያረጋጋት ዝርዝር ነው። ዛሬ በሸማኔ እጅ በሚሠራ ብዙ ጋቢ ላይ ድሩ የፋብሪካ ጥጥ ክር ሆኖ ማጉ ነው የእጅ ፈትል የሚሆነው። በእንዝርት የተፈተለ ክር እንደ ፋብሪካው እኩል አይወጣም። አንዳንድ ቦታ ወፈር፣ አንዳንድ ቦታ ቀጠን ይላል፤ ቀረብ ብሎ ለሚያይ ሰው ይታያል። ይህንኑ ጻፉና አጠገቡ ጋቢው መስኮት ሥር ተዘርግቶ ክሩ እስኪለይ ድረስ ከቅርብ የተነሳ አንድ ፎቶ ጨምሩ። ያኔ ገዢዋ በራሷ ዓይን ትፈርዳለች። ማጉ የእጅ ፈትል መሆኑን እርግጠኛ ካልሆናችሁ ደግሞ የምትረከቡትን ሸማኔ ጠይቁ። «ድሩም ማጉም የፋብሪካ ክር ነው፣ ሽመናው ግን የእጅ ነው» የሚል መልስ ቢሰጣችሁ እንደዚያው ጻፉት። እንዲህ ያለውን በዋጋው ቀለል ስለሚል ፈልጎ የሚገዛ ሰው አለ።

ወደ ልኩ እንለፍ። «ትልቅ ነው»፣ «ሰፊ ነው» የሚሉትን ቃላት ገዢው እንዴት ይለካቸው? ጋቢውን ወለል ላይ ዘርጉት፤ ሳትወጥሩት፣ ግን መጨማደዱን በእጃችሁ እየዳበሳችሁ። ከጥለቱ ጫፍ እስከ ጥለቱ ጫፍ ለኩ። ዘርፍ ካለው ዘርፉን ሳትቆጥሩ። ርዝመትና ወርዱን በሜትር ከጻፋችሁ በኋላ አንድ ሰው አስተኙበትና ምን ያህል እንደሚሸፍነው ተመልከቱ። «ርዝመቱ 2 ሜትር ከ40» ሲባል ለብዙ ሰው ምስሉ አይመጣለትም። «ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 የሆነ ሰው ሲተኛ እግሩ አይወጣም» ሲባል ግን ልጅቷ ወዲያው አባቷን ታስባለች። ከዚያ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። ክብደት ከጻፋችሁ ሻንጣ ለሚያስብ ሰው ትልቅ ውለታ ዋላችሁ፤ መንገደኛ ያለችው ኪሎ የተቆጠረች ናትና።

እጥበቱ ላይ ብዙ ሻጭ ይፈራል። ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ጥቂት እንደሚሰበሰብ ቢናገር ገዢ የሚሸሽ ይመስለዋል። እኔ ተቃራኒውን አምናለሁ፤ ቀድሞ የሰማ ሰው ይዘጋጃል፣ ቤቱ ገብቶ ያወቀ ሰው ይቀየማል። ከተረከባችሁት ውስጥ አንዱን ለናሙና አስቀሩና እጠቡት። በፊትና በኋላ ለኩት። ጥለቱ ባለቀለም ከሆነ ከማጠባችሁ በፊት እርጥብ ነጭ ጨርቅ ወስዳችሁ ቀለሙን አሸት አሸት አድርጉት። ጨርቁ ላይ ቀለም ከቀረ ነጩን ያበላሸዋል፤ ያ ጋቢ በማስታወቂያ ሊድን አይችልምና ወደ ሸማኔው መልሱት። በማሽን ይታጠባል የምትሉትም ራሳችሁ በማሽን አጥባችሁ ካያችሁት ብቻ ነው።

ዋጋን በኢንቦክስ የመናገሩን ልማድ ግን ተዉት። ተወዳዳሪ ዋጋዬን እንዳያይ ብላችሁ ከሆነ፣ እሱም እንደ ማንም ደንበኛ ኢንቦክስ ገብቶ ይጠይቃችኋል። የምታጡት እስኪመለስለት የማይጠብቀውን ገዢ ነው።

አሁን ሁሉም መልስ በእጃችሁ አለ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ ብዕር ሲያነሳ ቋንቋው ይቀየርበታል። «ይህ ምርት ለተጠቃሚዎች የላቀ ምቾትን ያጎናጽፋል» ብሎ ይጀምራል። መርካቶ ውስጥ ወይም ሽሮ ሜዳ ላይ ቆሞ እንዲህ የሚናገር ነጋዴ አለ? የለም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የቴሌግራሙን ማይክ ተጫኑና ደብተራችሁ ላይ ያሉትን ጥያቄዎች አንዲት ደንበኛ አሁን እንደጠየቀቻችሁ ቆጥራችሁ በቮይስ መልሱላት። ለራሳችሁ ላኩት፣ አዳምጡት፣ የተናገራችሁትን ጻፉት። «እ...» እና ድግግሞሹን አውጡ። የቀረው የእናንተ አነጋገር ነው፤ ሰውም የሚያነበው እሱን ነው።

ቅደም ተከተሉን ብዛቱ ይወስነው። ብዙ ሰው የጠየቀው ከላይ፣ ጥቂቶች የጠየቁት ከታች ይሁን። በፎቶ ሥር የሚጻፍ ጽሑፍ በተራ የቴሌግራም አካውንት ከ1,024 ፊደል ማለፍ አይችልም፤ ለእኛ ግን ከበቂም በላይ ነው። እንግዲህ ያ የመጀመሪያው ማስታወቂያ እንዲህ ይሆናል፦

«በሸማኔ የተሠራ ነጭ ጋቢ፣ ባለ አረንጓዴ ጥለት። 4,500 ብር።

ማጉ የእጅ ፈትል ነው፣ ድሩ የፋብሪካ ጥጥ ክር። ቀረብ ብለው ሲያዩት ክሩ ወፈርና ቀጠን ይላል፤ ሁለተኛውን ፎቶ ይመልከቱ። አራት እጥፍ ስለሆነ ለአዲስ አበባ የክረምት ብርድ ይበቃል። ለሞቃት አገር ግን ይከብዳል፤ እዚያ ነጠላ ይሻላል።

ርዝመቱ 2 ሜትር ከ40፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ60 ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 የሆነ ሰው ሲተኛ እግሩ አይወጣም። 1 ኪሎ ከ700 ግራም ይመዝናል።

በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና በእጅ ይታጠባል። በረኪና አይንካው። መጀመሪያ ሲታጠብ ርዝመቱ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሰበሰባል። የጥለቱ ቀለም አይለቅም፤ አጥበን አይተነዋል።

አዲስ አበባ ውስጥ በሞተር በዕለቱ እናደርሳለን፤ አይተው ይከፍላሉ። ክፍለ ሀገር በአውቶብስ እንልካለን፣ የመላኪያውን ገዢው ይከፍላል። አሁን 6 አለን።»

ቁጥሮቹ የዚህ ጋቢ ናቸው፤ እናንተ የራሳችሁን ለኩ። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። «ለሞቃት አገር ይከብዳል» የሚለው ዓረፍተ ነገር የድሬዳዋ ገዢ ሊያሳጣችሁ ይችላል። ሌሎቹ አንባቢዎች ግን እሱን ካዩ በኋላ የቀረውን ሁሉ ያምኑላችኋል፣ የማይሆነውን የሚናገር ሰው የሚሆነውንም በእውነት ይናገራልና። «ይፍጠኑ» የሚለውም ቦታውን ለ6 ቁጥር ለቋል። አንዱ ሲሸጥ 5 አድርጉት። ቁጥሩ ከእውነቱ ጋር እስከሄደ ድረስ ማጣደፍ ሳያስፈልጋችሁ ገዢው ራሱ ይፈጥናል።

ከለጠፋችሁት በኋላ መሥራቱን የምታውቁት በጥያቄው ዓይነት ነው። «ዋጋ?»፣ «ስንት እጥፍ ነው?» የሚለው እየቀነሰ «ለነገ ጠዋት ይደርሳል?»፣ «በቴሌብር ልክፈል?» የሚለው ከበዛ ጽሑፉ ሥራውን ይዟል። ጽሑፉ ውስጥ የተመለሰ ጥያቄ ደጋግሞ ከመጣ ደግሞ ሰው አላነበበም ብላችሁ አትቆጡ። መልሱ ታች ተቀብሮ ይሆናል፣ ወደ ላይ አምጡት። ፈጽሞ ያላሰባችሁት ጥያቄ ከመጣ ለጠያቂው መልሱለትና ያንኑ መልስ በዚያው ቅጽበት ማስታወቂያው ላይ ጨምሩት። ቴሌግራም የለጠፋችሁትን በቻናላችሁ ላይ እንድታስተካክሉ ይፈቅድላችኋል። «ከጠበቅኩት አነሰ» ብሎ የሚመልስ ገዢ ካለም ሜትሩ ስለ ልኩ በቂ አልተናገረም ማለት ነውና፣ ሰው ደርቦት ቆሞ የተነሳ ፎቶ ጨምሩ።

የእጅ ሥራ ነውና የሚቀጥለው ጋቢ ከዚህኛው ጋር እኩል አይመጣም። ሌላ ሸማኔ ሠርቶት ወርዱ ሊጠብ፣ ፈትሉ ወፍሮ ክብደቱ ሊጨምር ይችላል። አዲሱን የተረከባችሁ ዕለት የድሮውን ጽሑፍ ገልብጣችሁ ከመለጠፋችሁ በፊት ወለሉ ላይ ዘርግታችሁ እንደገና ለኩት፣ መዝኑት፣ ቁጥሮቹን ቀይሩ።