ኢታኖል ከ95.6 ከመቶ አልፎ አልጠራ ሲል፦ ማማውን ከማስረዘም በፊት ስሌት

ኢታኖልን ከውኃ ሲያነጥሩ ጥራቱ በክብደት 95.6 ከመቶ ላይ ይቆማል። ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው የማንጠሪያው ማማ ማጠር ነው። ወቀሳው ልክ መሆኑን ለማወቅ ግን በመጀመሪያ ድብልቁ ሕግ አክባሪ ቢሆን ኖሮ የሚሰጠውን የእንፋሎት ግፊት አስሉ። በራውልት ሕግ መሠረት፣ እያንዳንዱ ፈሳሽ ለብቻው ያለው ግፊት በሞል ድርሻው ይባዛል። በ78.2 ዲግሪ ሴልሺየስ የንጹሕ ኢታኖል ግፊት ወደ 755፣ የውኃ ወደ 330 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። 95.6 ከመቶው በሞል 0.895 ስለሚሆን፣ ከኢታኖል 676፣ ከውኃ 35፣ በድምሩ 711 ገደማ እናገኛለን። በዚህ ስሌት እንፋሎቱ 0.951 ኢታኖል ስለሚይዝ ማንጠሩ መቀጠል ነበረበት።

ቀጥሎ ውጤቱን ከእውነታው ጋር አስተያዩ። ድብልቁ በባሕር ጠለል የሚፈላው በዚሁ ሙቀት ስለሆነ ግፊቱ 760 ነው። እንፋሎቱም እንደ ፈሳሹ 0.105 ውኃ ስላለው የውኃው ድርሻ 80 ይሆናል፤ ሕጉ ከሚሰጠው 35 ከእጥፍ በላይ። ኢታኖሉ ግን ከስሌቱ እምብዛም አልራቀም። ስለዚህ ትርፉን ያመጣው ውኃው ነው። በኢታኖል የተከበቡት ጥቂት የውኃ ሞለኪውሎች በራሳቸው መካከል እንዳሉ ያህል አጥብቆ የሚይዛቸው የለም፤ በቀላሉ ያመልጣሉ። ይህ አዜዮትሮፕ ነው። እንፋሎቱና ፈሳሹ አንድ ዓይነት ከሆኑ ማማው የሚለየው ነገር የለውም።

ሙቀቱ አለመለዋወጡ ብቻ ማስረጃ አይሆንም፤ ንጹሕ ፈሳሽም እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ድብልቁ ወደ 71 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ 78.2ን መጠበቅ ያሳስታል። ይልቅ የወጣውን ፈሳሽ ለብቻው፣ ያለ ክፍት እሳት፣ ጠርሙሱን ሙቅ ውኃ ውስጥ አስቀምጣችሁ እንደገና አንጥሩት፤ ግማሹ ሲወጣ አቁሙ። የወጣውንና የቀረውን ወደ 20 ዲግሪ አቀዝቅዛችሁ በአልኮል መለኪያ ለኩ። ሁለቱም 97 ገደማ ካሳዩ አዜዮትሮፕ ላይ ናችሁ፤ መለኪያው በይዘት ስለሚቆጥር ነው 95.6 ያልሆነው። የቀረው ከወጣው የቀጠነ ከሆነ ግን ማማውን የወቀሱት ልክ ናቸው።

ግፊት መቀነስ አይበጅም ወይ? ይበጃል፤ ከ70 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በታች አዜዮትሮፑ ይጠፋል። ሆኖም እንፋሎቱና ፈሳሹ እዚያም ተቀራራቢ ስለሆኑ እጅግ ረጅም ማማ ይጠይቃል። የአዲስ አበባ ግፊት ለዚህ ከሚያስፈልገው በጣም ይርቃል። እኔ የምመርጠው ቀዳዳው 3 አንግስትሮም የሆነ የዚዮላይት ጠጠር ነው፤ ውኃን ያስገባል፣ ኢታኖልን አያስገባም። የደረቀው ኢታኖል ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ወዲያው ይከደን። ጠጠሩ ደርቆ ዳግም እንዲሠራ ከ200 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ከዚያ በፊት ግን የያዘው ኢታኖል አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ሙሉ በሙሉ ተንኖ ማለቅ አለበት፤ አለዚያ ምድጃው ውስጥ ይቀጣጠላል።