የቀሚስ አንገት በስሙ ሲታዘዝ

መካነ ሰላም ውስጥ ለሠርግ የሀበሻ ቀሚስ የምታሰፋ ሴት «አንገቱን ከፈት አድርግልኝ» ብትል ልብስ ሰፊው ግማሹን ብቻ ነው የሰማው። የሚከፈተው ወደ ጎን ነው ወይስ ወደ ታች? ይህን ለመለየት ጥሩ ምልክት ከትከሻ እስከ ጉሮሮ ሥር የተጋደመው አጥንት ነው። በእጅ ይዳሰሳል፤ የአንገት ቅርጾችም የሚለያዩት ይህን አጥንት በሚያልፉበት መንገድ ነው።

ቦት ኔክ አጥንቱን ተከትሎ ከትከሻ ወደ ትከሻ ይዘረጋል። ጥልቀት ስለሌለው አጥንቱን ጫፍ ጫፉን ብቻ ያሳያል፤ ትከሻንም ሰፋ ያደርጋል። ስዊትኸርት ከአጥንቱ በታች ወርዶ ጡት ላይ ሁለት ቅስት ይሠራል፤ መካከሉ ላይ ሰርጎድ ይላል። አጥንቱ ሙሉ በሙሉ ስለሚገለጥ ለአንገት ሐብል ቦታ ይተዋል። ሃልተር ከደረት ተነሥቶ ማጅራት ላይ ይታሰራል። ማሰሪያዎቹ አጥንቱን በሰያፍ አቋርጠው ስለሚያልፉ ዓይን ወደ ተገለጠው ትከሻ ይሄዳል። ካውል ደግሞ ጨርቁ ከአጥንቱ በታች እየተጣጠፈ እንዲወርድ የሚደረግበት ነው፤ እጥፋቱ የሚያምረው ለስላሳ ጨርቅ በሰያፍ ሲቆረጥ ነው።

ለሸማ ከእነዚህ የሚቀለው ቦት ኔክ ነው፤ ምክንያቱ ጥለቱ ነው። ጥለት ሸማኔው ቀጥ አድርጎ የሠራው፣ ከሸማው ይልቅ ወፈር ያለ ጌጥ ነው። በክብ አንገት ዙሪያ ሲጠማዘዝ የውስጥ ጠርዙ ይሸበሸባል፤ ካውል ላይ ቢሰፋም እጥፋቱን ያደርቀዋል። በቦት ኔክ ግን ቀጥ እንዳለ ይተኛል።

የትከሻዋ ስፋት 38 ሴንቲ ሜትር የሆነን ሴት እንውሰድ። ከእያንዳንዱ ትከሻ ጫፍ 4 ሴንቲ ሜትር ቢተው ክፍተቱ 30 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ያለ ዚፕም ጭንቅላት ያስገባል። የፊቱ ጠርዝ ጉሮሮ ሥር ካለችው ጎድጓዳ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይለፍ። የጀርባውም እምብዛም አይውረድ፤ ፊቱ ሰፊ ሆኖ ጀርባው ጥልቅ ከሆነ ቀሚሱ ከትከሻ ይንሸራተታል።

ጥለቱ ከመሰፋቱ በፊት ቀሚሱ በሳሳ ስፌት ተያይዞ ይለካ። ሴትዮዋ ትቀመጥ፣ ጎንበስ ትበል፣ ነጠላዋንም ትልበስ። የፊቱ ጠርዝ ከደረቷ ርቆ ከከፈተ የትከሻው ስፌት በአንገት በኩል ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይጥበቅ፤ በትከሻው ጫፍ በኩል እንዳለ ይቆይ። ሸማ ሳስ ያለ በመሆኑ ጠርዙ በእጅ ሲጎተት ይለጠጣል፤ ስለዚህ ልክ ሲያዝ ሳይሳብ ገበሩ ወዲያው ይሰፋበት።

ያቺ ሴት ሁለተኛ ስትመጣ ትእዛዟ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ቦት ኔክ፣ ከትከሻ ጫፍ 4 ሴንቲ ግራና ቀኝ ይቅር፣ ፊቱ አጥንቱ ላይ ይረፍ፣ ጀርባው አይውረድ።» ልብስ ሰፊው ከዚህ በኋላ የሚገምተው ነገር የለም።