ከባንክ ወደ ባንክ የተላከ ብር የት ያድራል?

«ብሩን ጠዋት ልኬልሃለሁ፤ ደረሰኙም ይኸውና» የሚል ገዢና «እኔ ዘንድ አልገባም» የሚል ሻጭ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ከአንድ ባንክ ወደ ሌላ ባንክ የሚደረግ ክፍያ በሦስት ደረጃ ያልፋልና። በመጀመሪያ የገዢው ባንክ ከደንበኛው ሒሳብ ላይ ይቀንሳል። ቀጥሎ ማን ለማን ስንት እንደሚከፍል የሚገልጸው መልእክት ይተላለፋል፤ ይመረመራል፤ ይሰላል። ማጣራት ወይም ክሊሪንግ የሚባለው ይህ ነው። በመጨረሻም አንደኛው ባንክ ለሌላው ባንክ ገንዘቡን ይከፍላል፤ ይኸውም ማወራረድ ይባላል። በገዢው እጅ ያለው ደረሰኝ የሚመሰክረው የመጀመሪያውን ደረጃ ብቻ ነው።

በአገራችን የማወራረዱ ሥራ የሚካሄደው በብሔራዊ ባንክ ነው። እያንዳንዱ ባንክ እዚያ ሒሳብ አለው። በመኪና የሚጫን ብር የለም፤ የአንዱ ባንክ ሒሳብ ይቀነሳል፤ የሌላው ይጨመራል። ይህን በኮምፒውተር የሚያከናውነው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ ጀምሯል።

የማወራረጃው መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው በተጣራ ልዩነት መክፈል ነው። ለምሳሌ በአንድ ቀን ባንክ «ሀ» ለባንክ «ለ» 10 ሚሊዮን ብር፣ «ለ» ለ«ሐ» 8 ሚሊዮን፣ «ሐ» ደግሞ ለ«ሀ» 9 ሚሊዮን ብር መክፈል ይኖርባቸዋል እንበል። ድምሩ 27 ሚሊዮን ነው። ነገር ግን የሚከፈለውና የሚቀበሉት ሲቀናነስ «ሀ» እና «ሐ» እያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን ያወጣሉ፤ «ለ» 2 ሚሊዮን ይቀበላል። በ2 ሚሊዮን ብር የ27 ሚሊዮን ዕዳ ተዘጋ ማለት ነው። ቼክ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። ጉዳቱ ሒሳቡ እስኪጠራቀምና ሰዓቱ እስኪደርስ መጠበቅ ማስፈለጉ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ባንኮች በተለምዶ አርቲጂኤስ የሚሉት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ክፍያ ሳይቀናነስ ለየብቻው ወዲያውኑ ይወራረዳል። አንዴ ከተወራረደም የመጨረሻ ነው። ሆኖም ላኪው ባንክ በዚያች ደቂቃ በብሔራዊ ባንክ ሒሳቡ ውስጥ ሙሉውን ገንዘብ ይዞ መገኘት አለበት። ከላይ በሰጠነው ምሳሌ «ሀ» 4 ሚሊዮን፣ «ለ» 2 ሚሊዮን፣ «ሐ» 3 ሚሊዮን ብር ብቻ ቢኖራቸው ማንኛቸውም መክፈል አይችሉም። ሦስቱም የሌላውን ገንዘብ እየጠበቁ ይሰለፋሉ። እንዲህ ያለው መጠላለፍ የሚፈታው ሦስቱን ክፍያዎች በአንድ ጊዜ በማቻቻል፣ ወይም አንደኛው ባንክ ከሌላ ቦታ ገንዘብ ተበድሮ ሒሳቡን በመሙላት ነው። ደንበኛው በባንኩ ውስጥ በቂ ገንዘብ እያለው ክፍያው የሚዘገይበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በስልክ የሚላከው አነስተኛ ገንዘብ ግን ለምን በሰከንዶች ይደርሳል? በኢትስዊች በኩል የሚያልፈው እንዲህ ያለ ክፍያ ተቀባዩ ባንክ መልእክቱን አምኖ ለደንበኛው ወዲያው የሚሰጠው ነው። ባንኮቹ የሚተሳሰቡት ከዚያ በኋላ ነው። በመካከሉ ያለውን አደጋ ለመገደብ በሚላከው መጠን ላይ ጣሪያ ይደረጋል። ትልቅ ክፍያ በዚህ መንገድ የማይሄደው ስለዚህ ነው።

ሌሎቹ የመዘግየት ምክንያቶች ቀላል ናቸው። ቅርንጫፉ የሥርዓቱ መዝጊያ ሰዓት ካለፈ በኋላ ከላከው ክፍያው ለማግሥቱ ያድራል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ከሆነ እስከ ሰኞ ነው። የሒሳብ ቁጥሩና የተቀባዩ ስም ካልተጣጣሙ ተቀባዩ ባንክ ገንዘቡን ሊመልሰው ይችላል፤ ያኔ መሄጃውና መመለሻው ተደምሮ ቀናት ይወስዳል። ቼክ ከሆነ ደግሞ የከፋዩ ባንክ ፊርማውንና ስንቁን እስኪያረጋግጥ ድረስ በሻጩ ሒሳብ ላይ ቢታይም ሊመለስ ይችላል።

እንግዲህ 800 ኩንታል ሲሚንቶ ሊያስጭን የተዘጋጀ ነጋዴ መጠየቅ የሚገባው «ተልኳል ወይ?» ብሎ አይደለም። በየትኛው መንገድ ተላከ? የማመሳከሪያ ቁጥሩ ስንት ነው? በሰልፍ ላይ ነው፣ ተወራርዷል ወይስ ተመልሷል? የገዢው ባንክ በዚህ ቁጥር ፈልጎ መልስ መስጠት ይችላል። ሻጩም የራሱን ባንክ ጠይቆ ገንዘቡ በሒሳቡ ገቢ መሆኑንና ማውጣት እንደሚችል ያረጋግጥ። ከዚያ በፊት መኪናውን የሚያስነሳ ሻጭ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ ለገዢው በዱቤ ሸጦለታል።