የዓመፀኛው አለቃ ንግግር

ጆን ሚልተን የተባለ የእንግሊዝ ባለቅኔ ዓይኑ ከታወረ በኋላ እርሱ በቃሉ እየተናገረ ሌሎች እየጻፉለት «የጠፋች ገነት» የሚባለውን ረጅም የግጥም መጽሐፍ ደረሰ። መጽሐፉም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1667 ዓ.ም. ታተመ። ሚካኤል ከዘንዶው ጋር እንደ ተዋጋ በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 12 በጥቂት ቃል ተጽፏል፤ ባለቅኔው ግን ጦርነቱን የሦስት ቀን አድርጎ አስፍቶ ተረከው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው የባለቅኔ ድርሰት ነው እንጂ የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል አይደለም።

በመጀመሪያው ቀን ሚካኤል የዓመፀኞቹን አለቃ ሰይጣንን በሰይፍ ጎኑን መታው፤ ወገኖቹም በጋሻቸው ተሸክመው ከውጊያው አወጡት። በመሸ ጊዜ ሰይጣን አለቆቹን በጨለማ ሰብስቦ ተናገራቸው።

አስቀድሞ አመሰገናቸው፤ ነጻነት ብቻ ሳይሆን ክብርና ግዛት የሚገባችሁ ናችሁ አላቸው። ቀጥሎም፣ አንድ ቀን ሙሉ ተዋግተን አልጠፋንም፤ አንድ ቀን ከቻልን ለዘላለም የማንችለው ስለ ምንድር ነው? አለ። መቍሰላቸውንም አልካደም፤ ሁሉም አይተውታልና ቢክደው ማን ያምነዋል? ነገር ግን ቍስላችን ፈጥኖ ይድናልና ሕመሙ የሚናቅ ነው፤ የጎደለን የጦር መሣሪያ ብቻ ነው ብሎ አሳነሰው።

ሰሚዎቹ ቢመረምሩት ኖሮ ስሕተቱን ባገኙት ነበር። ዝናብ ሳይዘንብ አንድ ቀን የቆመ የጭቃ ግድግዳ ክረምቱን ሁሉ ይቆማል ማለት አይቻልም። እግዚአብሔርም በቍጥር ከእነርሱ ጋር እኩል የሆነ ሠራዊት ብቻ ልኮ፣ የሁለቱንም ወገን ኀይል ወስኖት ነበር። አንድ ቀን የቆዩት ስለዚህ ነው፤ ሰይጣን ግን ከገዛ ብርታታቸው ቈጠረው።

ከዚያ በኋላ ኒስሮክ የሚባል አለቃ ተነሣ። እርሱ ክፉኛ ደክሞ፣ የጦር ዕቃውም ተቈራርጦ ነበርና ሕመም ትዕግሥትን ሁሉ ያሸንፋል ብሎ መለሰ። ከጉባኤው ሁሉ እውነቱን የተናገረ እርሱ ነበር፤ ነገር ግን ጦርነቱ ይቅር አላለም፣ የሚበልጥ መሣሪያ ፈለገ እንጂ። ሰይጣንም ይህን ይጠብቅ ነበርና መድፍ እንሠራለን አለ። በዚህም ጊዜ፣ በአምላካችን ላይ መነሣታችን ትክክል ነውን? ብሎ የጠየቀ አንድ ስንኳ አልነበረም፤ ሁሉም ደስ ብሏቸው መሬቱን ሊቈፍሩ ሄዱ።

በነጋውም መድፉን በሠራዊታቸው መካከል ሸሽገው አመጡ፤ ብዙ ሺህ መላእክትም ወደቁ። የቀሩት መላእክት ግን ተራሮችን ነቅለው ከመድፉና ከተኳሾቹ በላይ ጫኑባቸው። በሦስተኛው ቀን የእግዚአብሔር ልጅ በሠረገላ መጥቶ ብቻውን ተዋጋቸው። የኀይሉን እኩሌታ ስንኳ ሳያወጣ መሣሪያቸውን ጣሉ፤ እንደ ፍየል መንጋም ነዳቸው። የሰማይ ቅጥር ተከፈተ፤ ዘጠኝ ቀንም ወደ ታች ወደቁ።