በቀን ሁለት ኩንታል የሚጋግር ዳቦ ቤት ያተርፋል?

አንድ ነጋዴ በአዲስ አበባ ሥራ ላይ ያለ አነስተኛ ዳቦ ቤት ለመግዛት እየተደራደረ ነው እንበል። ቤቱ የኪራይ ነው። የሚሸጡት ምድጃው፣ የሊጥ ማቡኪያ ማሽኑና መደርደሪያዎቹ ሲሆኑ የተጠየቀባቸው ዋጋ 1,440,000 ብር ነው። ደላላው፣ «ጋሼ፣ ይኼ ቤት በቀን ሁለት ኩንታል ዱቄት ይጨርሳል። የመጀመሪያው ኩንታል ወጪውን በሙሉ ይሸፍናል፤ ሁለተኛው ለኪስ ነው» ይለዋል። ሻጩም ይህንኑ በወረቀት አስልቶ ያሳየዋል። ገዥው ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ያንን ወረቀት አብረን እንየው። ዋጋዎቹ ለማስረዳት ሲባል የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢ በየቦታው የራሱን ቁጥር ሊተካ ይችላል።

መነሻው ከአንድ ኩንታል ስንት ዳቦ ይወጣል የሚለው ነው። 100 ኪሎ ዱቄት ወደ 60 ሊትር ውሃ፣ እንዲሁም እርሾ፣ ጨውና ጥቂት ዘይት ሲጨመርበት 163 ኪሎ ገደማ ሊጥ ይሆናል። ሊጡ በ115 ግራም ቢቆረጥ ከ1,400 ጥቂት የሚበልጥ ፍሬ ይወጣዋል። ምድጃ ውስጥ ውሃው ስለሚተን እያንዳንዱ ዳቦ ሲወጣ 100 ግራም ያህል ይመዝናል። በማሽኑ ላይ ተጣብቆ የሚቀረውንና የሚያርረውን ስናነሳ 1,400 ብለን እንያዝ።

ለአንድ ኩንታል የሚወጣው ገንዘብ የሚከተለው ነው። ዱቄቱ 8,400 ብር፣ እርሾ፣ ጨውና ዘይት 560 ብር፣ መብራትና ነዳጅ 840 ብር፣ ለጋጋሪዎቹ በኩንታል የሚከፈል 700 ብር፤ ድምሩ 10,500 ብር ነው። ለ1,400 ሲካፈል አንድ ዳቦ 7 ብር ከ50 ሳንቲም ይፈጃል። ይህ ተለዋዋጭ ወጪ ይባላል፤ ዳቦ ሲበዛ ይበዛል፣ ምድጃው ካልነደደ አይኖርም። ዳቦው በ10 ብር ስለሚሸጥ ከእያንዳንዱ 2 ብር ከ50 ሳንቲም ይቀራል። ይህችን ቀሪ ትርፍ ብሎ መጥራት ያሳስታል። ገና ያልተከፈለ ኪራይና ደመወዝ አለባትና መዋጮ እንበላት።

ቢጋገርም ባይጋገርም በየወሩ የሚከፈለው ደግሞ ቋሚ ወጪ ነው። በሻጩ ወረቀት ላይ ኪራይ 45,000፣ የገንዘብ ያዥ፣ የጥበቃና የጽዳት ሠራተኛ ደመወዝ 30,000፣ የማሽኖቹ የእርጅና ተቀናሽ 12,000፣ የባንክ ወለድ 10,000፣ ውሃ፣ ስልክ፣ ጥገናና ልዩ ልዩ 8,000፤ በጠቅላላው 105,000 ብር ተጽፏል። የእርጅናው ሂሳብ የተገኘው የዕቃዎቹን ዋጋ ለ10 ዓመት፣ ማለትም ለ120 ወር በማካፈል ነው።

እንግዲህ ገቢና ወጪ የሚተካከሉበትን፣ በተለምዶ ብሬክ ኢቭን የሚባለውን የሽያጭ መጠን ለማግኘት ቋሚው ወጪ ለመዋጮው ይካፈላል። 105,000 ለ2.50 ሲካፈል 42,000 ዳቦ በወር ይሆናል። በቀን 1,400፣ ልክ አንድ ኩንታል። ሻጩ አልዋሸም። በወረቀቱ መሠረት ሁለት ኩንታል የሚጋግር ቤት በወር 84,000 ዳቦ ሸጦ 105,000 ብር ያተርፋል፤ ገዥውም ገንዘቡን በ14 ወር ይመልሳል። ማካፈሉ ትክክል ነው። ችግሩ ከሚካፈለውና ከሚያካፍለው ቁጥር ውስጥ የጎደለው ነው።

በመጀመሪያ የጎደለው የባለቤቱ ደመወዝ ነው። ሻጩ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ ሊጥ ይቆጣጠራል፣ ቀን ባንኮኒ ላይ ይቆማል፤ ለራሱ ግን ምንም አልጻፈም። ገዥው ሌላ ሥራ ያለው ሰው ከሆነ ይህንን የሚሠራለት ኃላፊ መቅጠሩ አይቀርም። 15,000 ብር ብንጨምር ቋሚው ወጪ 120,000 ይሆናል። ቤቱ የራስ ቢሆንም ያው ነው፤ ለሌላ ቢከራይ የሚያስገኘው ኪራይ መመዝገብ አለበት።

ሁለተኛው የመሸጫ ዋጋው ነው። 10 ብር የሚከፍለው ባንኮኒ ድረስ የመጣ ደንበኛ ብቻ ነው። የዚህ ቤት ግማሽ ዳቦ ለሱቆችና ለሻይ ቤቶች የሚሄድ ሲሆን እነርሱ በ9 ብር ይረከባሉ። ስለዚህ አማካይ ዋጋው 9 ብር ከ50፣ መዋጮውም 2 ብር ብቻ ነው። 120,000 ለ2 ሲካፈል 60,000፣ በቀን 2,000 ዳቦ።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሳይሸጥ የሚያድር ዳቦ ነው። ከሱቅ የሚመለስ አለ፣ ዝናብ የዋለ ዕለት የሚተርፍ አለ፤ የጾም መያዣና መፍቻ ሰሞን ገበያው ይዘበራረቃል። ከ100 ዳቦ 4ቱ ቢቀር ብዙዎች «አራት በመቶ ምን አላት» ይላሉ። እንቁጠረው። 100 ዳቦ ለመጋገር 750 ብር ወጥቷል። የተሸጠው 96 ነው፤ በ9 ብር ከ50 ሲባዛ 912 ብር። የቀረው 162 ብር ነው። ሁሉም ቢሸጥ 200 ብር ይቀር ነበር። አራት በመቶ የዳቦ ብክነት ከመዋጮው 19 በመቶ በላ ማለት ነው። ምክንያቱም ያደረው ዳቦ ዱቄቱም፣ ነዳጁም፣ የጋጋሪው ክፍያም ወጥቶበታል።

አሁን ከአንድ የተጋገረ ዳቦ የሚገኘው መዋጮ 1 ብር ከ62 ሳንቲም ነው። 120,000 ለ1.62 ሲካፈል በወር 74,000 ገደማ፣ በቀን 2,469 ዳቦ መጋገር ያስፈልጋል። በኩንታል ሲመነዘር ከ1 ከሦስት አራተኛ ጥቂት ይበልጣል። «የመጀመሪያው ኩንታል ወጪውን ይሸፍናል» የተባለው ቤት ሁለተኛውንም ኩንታል ከግማሽ በላይ ለወጪ ያውለዋል። በቀን ሁለት ኩንታል እየጋገረ በወር የሚያተርፈው 105,000 ሳይሆን 16,080 ብር ነው።

የእርጅና ተቀናሹ ከካዝና የሚወጣ ጥሬ ገንዘብ ስላልሆነ ሲመለስበት በእጅ የሚገባው 28,080 ብር ይሆናል። በዚህ አያያዝ 1,440,000 ብሩ የሚመለሰው በ14 ወር ሳይሆን ከአራት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ከባንክ ተበድሮ የሚገዛ ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበል። ወለድ ወጪ ነው፤ ዋናው ብድር ግን በትርፍና ኪሣራ መዝገብ ላይ ወጪ ሆኖ አይታይም፣ ሆኖም በየወሩ ይከፈላል። በወር 20,000 ብር ዋና ገንዘብ የሚመልስ ከሆነ የሚተርፈው 8,080 ብር ነው። በወረቀት አትራፊ ሆኖ ዱቄት በዱቤ የሚለምን ዳቦ ቤት የሚፈጠረው እንዲህ ነው።

የዱቄት ዋጋ ሲነሳ ምን ይሆናል? 8,400 የነበረው ኩንታል በ10 በመቶ ቢጨምር 9,240 ብር ይሆናል፤ ለአንድ ዳቦ 60 ሳንቲም ጭማሪ ነው። መዋጮው ከ1 ብር ከ62 ወደ 1 ብር ከ2 ሳንቲም ይወርዳል። 120,000 ለ1.02 ሲካፈል በቀን 3,922 ዳቦ፣ ማለትም 2.8 ኩንታል ይመጣል። የዱቄቱ ዋጋ 10 በመቶ ሲጨምር መሸጥ ያለበት መጠን 59 በመቶ ጨመረ። መዋጮው በቀጠነ ቁጥር ስሌቱ እንዲህ ይሰበራል። ሁለት ኩንታል ብቻ መጋገሩን የቀጠለ እንደሆነ በወር 34,320 ብር ይከስራል። ስለዚህ ሻጩ ያሳየው ወረቀት መቼ እንደተሠራ መጠየቅ ተገቢ ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት የተሠራ ከሆነ፣ ከውጭ የሚገባው የማሽን መለዋወጫ ዋጋ ሳይቀር እንደገና መጻፍ አለበት።

«እንግዲያው 2.8 ኩንታል እንጋግር» የሚል ይኖራል። ምድጃው ይህን ይችላል ወይ? በአንድ ፈረቃ የሚጋግረው 2 ኩንታል ተኩል፣ ማለትም 3,500 ዳቦ ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ሲነድ ውሎም ኪሣራ ላይ ነው። ሁለተኛ ፈረቃ ቢጨመር ለኃላፊና ለገንዘብ ያዥ ሌላ 18,000 ብር ቋሚ ወጪ ይመጣል፤ የሚፈለገው መጠንም እንደገና ሸሽቶ በቀን 4,510 ዳቦ ይደርሳል። ቋሚ ወጪ ቋሚ የሚሆነው እስከዚያ ጣሪያ ብቻ ነው። ደግሞም የሰፈሩ ሰው ይህን ሁሉ ዳቦ ይበላል ወይ የሚለው ጥያቄ አለ።

ብዙው ዳቦ ቤት የሚመርጠው ሊጡን ማሳነስ ነው። ደንበኛ ግን በእጁ ይመዝናል፤ ክብደትም ቁጥጥር አለበት። የቀረው ዋጋ መጨመር ነው። 60 ሳንቲም መጨመር በችርቻሮ ስለማይመች ጭማሪው አንድ ብር ይሆናል፤ ባንኮኒ ላይ 11፣ ለሱቅ 10 ብር። ያኔ 100 ዳቦ 810 ብር ፈጅቶ፣ 96ቱ በአማካይ በ10 ብር ከ50 ተሽጦ 1,008 ብር ያስገባል። መዋጮው 1 ብር ከ98 ሳንቲም፣ የሚተካከልበት መጠን በቀን 2,020 ዳቦ ይሆናል። የቀድሞውን 16,080 ብር ትርፍ ለማግኘት 2,291 ዳቦ ይበቃል። ስለዚህ 2,800 ይጋግር የነበረው ቤት ከደንበኛው 18 በመቶ ያህል ቢሸሽም አይጎዳም። ጥያቄው እንግዲህ ከዚያ በላይ ይሸሻል ወይ ነው፤ ጎረቤት ያለው ዳቦ ቤት በ10 ብር ከቆየ መልሱ ቀላል አይደለም።

የመብራትና ነዳጅ ወጪን በተመለከተ አንድ ማስታወሻ እንጨምር። ምድጃውን ለማጋል የሚፈጀው ኃይል ግማሽ ተሞላም ሙሉ ያው ስለሆነ የሂሳቡ ከፊል ቋሚ ነው። ለመለየት የሁለት ወር ሂሳብ ይበቃል። 40 ኩንታል በተጋገረበት ወር 37,600፣ 55 ኩንታል በተጋገረበት ወር 50,200 ብር ተከፍሎ ከሆነ፣ ልዩነቱ 12,600 ለ15 ኩንታል ሲካፈል 840 ብር ይመጣል። ይህ ተለዋዋጩ ነው። 40 በ840 ሲባዛ 33,600 ስለሆነ ቀሪው 4,000 ብር ቋሚ ነው፤ በሻጩ ወረቀት «ልዩ ልዩ» ውስጥ መካተቱን ማረጋገጥ ነው።

ገዥው ከሻጩ ሊጠይቃቸው የሚገባው ወረቀቶች የመብራት ደረሰኝ፣ የዱቄት መግዣ ደረሰኝና የሱቆች የርክክብ ደብተር ናቸው። «ሁለት ኩንታል» የተባለው እውነት ከሆነ በወር 60 ኩንታል የዱቄት ደረሰኝ ይኖራል፤ የመብራትና ነዳጁም ሂሳብ ከዚያ ጋር ይስማማል። የሚመለሰውን ዳቦ ግን ማንም ደረሰኝ አይቆርጥለትም። እርሱን ለማወቅ ለአንድ ሳምንት ያህል በማለዳ፣ የዕለቱ ዳቦ ከምድጃ ሳይወጣ ሄዶ መደርደሪያው ላይ ያደረውን መቁጠር ነው።